ሆድ ከቀኑ ሲቀድም

(በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ለእናቶችና ለአዋላጅ ነርሶች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንዲት ሴት ነው። ስም አልሰጣትም፤ ከብዙ ታካሚዎች ታሪክ አዋህጄ ያቆምኳት ናትና። ግን እያንዳንዱን ነገሯን አንዷ ጋር ወይም ሌላዋ ጋር በዓይኔ አይቼዋለሁ።

ዕድሜዋ 27 ነው። የአራት ዓመት ወንድ ልጅ አላት። ባሏ ክንዷን ይዞ ሲያስገባት በአንድ እጇ ለማስታወኪያ የያዘችው ጥቁር ፌስታል ነበር። ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ትንፋሿን ከሰበሰበች በኋላ ከቦርሳዋ በሶፍት የተጠቀለለ ነገር አወጣች። ከስድስት ሳምንት በፊት ቤቷ የተመረመረችበት የሽንት መመርመሪያ ነው፤ ሁለት መስመር። «እርጉዝ ነኝ ዶክተር፣ ግን እንደ መጀመሪያው አይደለም» አለችኝ።

የመጀመሪያውን ልጇን ስታረግዝ ጠዋት ጠዋት ብቻ ነበር የሚያቅለሸልሻት። አሁን ውኃ እንኳ ሆዷ ውስጥ አይቆይም። 58 ኪሎ የነበረችው 53 ገብታለች። ደም ከታያት ሦስት ሳምንት አልፏል፤ መጀመሪያ ቡናማ ጠብታ ነበር፣ ከዚያ ቀላ፣ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ደግሞ በአንድ ሰዓት ሞዴስ የሚያርስ ሆነ። ሆዷ ግን ከሰውነቷ ተቃራኒ እየሄደ ነው፤ እሷ ትከሳለች፣ እሱ ይገፋል።

ለእያንዳንዱ ምልክት ሰፈር ውስጥ መልስ ተገኝቶለታል። ማቅለሽለሹ የበዛው ሴት ልጅ ስለሆነች ነው። ሆዷ የገፋው መንታ ስለሆነ ነው። ደሙ ደግሞ ከባድ እንስራ ስላነሳች። ሦስት ምልክት፣ ሦስት ሰበብ። እኔም በተማሪነቴ እንዲሁ አደርግ ነበር፤ ለማስታወኩ ግሉኮስ፣ ለደሙ ዕረፍት፣ ለሆዱ «ቀኑን ተሳስታ ይሆናል»። ዛሬ ልነግራችሁ የፈለግሁት ሦስቱም ከአንድ ቦታ ሊመጡ እንደሚችሉ ነው።

በመጀመሪያ ቀኑን ቆጠርን። መጨረሻ የወር አበባዋን ያየችው ሐምሌ 20 ነው፤ የመጣችው ጥቅምት 2። እኛ አገር ወሩ ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ ቆጠራው ይቀላል፣ ጳጉሜን ካልረሳን። ብዙ ጊዜ ካርድ ላይ የማየው የአምስት ቀን ስህተት ከጳጉሜን የመጣ ነው፤ አዋላጆች ትስቃላችሁ፣ ግን ታውቁታላችሁ። ከሐምሌ 20 እስከ ነሐሴ መጨረሻ 40 ቀን፣ ጳጉሜን 5፣ መስከረም 30፣ ከጥቅምት 2 ቀን፤ ድምሩ 77 ቀን። ልክ 11 ሳምንት። የወር አበባዋ ደግሞ የማይዛነፍ ነው፣ ቀኑንም የያዘችው ስልኳ ላይ ጽፋ ነው። ስለዚህ «ቀኑን ተሳስታ ይሆናል» የሚለው ሰበብ እዚያው ወደቀ።

ከዚያ አስተኝቼ ሆዷን በእጄ ፈለግሁ። በ11 ሳምንት ማህፀን ገና ከብልት አጥንት በስተጀርባ ተደብቆ ነው የሚገኘው፤ በ12 ሳምንት ጫፉ ከአጥንቱ በላይ ብቅ ይላል፣ እምብርት የሚደርሰው በ20 ሳምንት ገደማ ነው። የእሷ ከእምብርቷ ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ ተገኘ። ሲዳሰስም ለስላሳ ነው፤ እንደ ሊጥ የሚገባ ዓይነት። የልብ ምቷ በደቂቃ 118፣ እጇን ስትዘረጋ ጣቶቿ ይንቀጠቀጣሉ። የልብ ምት መፍጠኑ በደም መፍሰስ ሊሆን ይችላል፣ መንቀጥቀጡ ግን በደም ማነስ ብቻ አይመጣም። ይህን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም፣ ማንም ፈርቶ ወደ ቤቱ እንዳይሄድ። እርጉዝ ሆኖ ደም ማየት በጣም የተለመደ ነው፤ ከሚያዩት ብዙዎቹ ልጃቸውን በሰላም ይወልዳሉ። ሌሎቹ ጽንሱ ይወርድባቸዋል። ጥቂቶቹ ደግሞ ጽንሱ ከማህፀን ውጪ በቱቦው ላይ የተቀመጠባቸው ናቸው፤ ይህ በአንድ ወገን የሚወጋ የሆድ ሕመም፣ ራስ ማዞርና መውደቅ ካለው ሰዓት የማይሰጥ ነገር ነው። ሆድ የገፋባቸውም ቢሆኑ መንታ ያላቸው፣ የማህፀን ዕጢ ያላቸው፣ ወይም እውነትም ቀኑን የተሳሳቱ ይበዛሉ። ዛሬ የማወራው ነገር የሚገጥመው ከአንድ ሺህ እርግዝና በአንዱ አካባቢ ነው። ከ20 ዓመት በታች ባሉ ልጆችና በተለይ ከ40 ዓመት በላይ በሆኑ እናቶች ላይ ይበዛል፣ ግን እንደዚህች ሴት በመሃል ዕድሜም ይመጣል። በእጅ ዳሰሳ አንዱን ከሌላው መለየት አይቻልም። አልትራሳውንድ ያስፈልጋል።

አልትራሳውንዱን ሳደርግላት ባሏ ስክሪኑን አሻግሮ እያየ ነበር። ምን እንደፈለገ አውቃለሁ፤ የሚንቀሳቀስ ነገር። አልነበረም። ጽንስ የለም፣ የእንሽርት ውኃ ከረጢት የለም፣ የልብ ትርታ የለም። ማህፀኑ ግን ሙሉ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥቃቅን ጥቁር ቀዳዳ ያለው ግራጫ ነገር ሞልቶታል። የፈረንጅ መጻሕፍት የበረዶ ውሽንፍር ይመስላል ይላሉ፤ እኔ የበረዶ ውሽንፍር አይቼ አላውቅም። ለተማሪዎቼ የምነግራቸው የእንጀራ ዓይን ነው። በደንብ የቦካ፣ ዓይኑ ያማረ የጤፍ እንጀራ በቅርብ ብታዩት ይህንኑ ነው የምታዩት። ግራና ቀኝ እንቁልጢዎቿም በውኃ በተሞሉ ከረጢቶች አብጠዋል፤ ትልቁ ሰባት ሴንቲ ሜትር ነው።

ይህ ሞላር እርግዝና ይባላል።

ምንድን ነው? አንድ ሰው ሲጸነስ ከእናት 23፣ ከአባት 23 ክሮሞሶም ይገናኛሉ፤ 46 ይሆናሉ። አንዳንዴ ግን እንቁላሏ የእናትን 23 ሳትይዝ ባዶዋን ትገኛለች። የወንዱ ዘር ይገባል፣ የያዘውን 23 በራሱ ያባዛና 46 ያደርሰዋል። ቁጥሩ ሞላ፣ ግን ሁሉም የአባት ብቻ ነው። ባሎች እዚህ ላይ ቀና ብላችሁ አያችሁኝ፤ የማንም ጥፋት አይደለም፣ የአባትም የእናትም። ነገሩ ከሁለቱ ወገን የሚመጡት ክሮሞሶሞች ሥራ የተከፋፈሉ መሆናቸው ነው። የአባት ወገን የሆኑ አንዳንዶቹ እንግዴ ልጁን «እደግ፣ ተስፋፋ» ይሉታል፤ የእናት ወገን የሆኑት ደግሞ «በልክ» ብለው ይይዙታል። የእናት ወገን በሌለበት የሚይዘው የለም። ስለዚህ ጽንስ ሳይኖር እንግዴ ልጅ ብቻ ይገሰግሳል። የእንግዴ ልጁ ቅርንጫፎች ውኃ እያዘሉ ያብጡና እንደ ወይን ዘለላ ይሆናሉ፤ አንዳንዱ ፍሬ እንደ ሰናፍጭ፣ አንዳንዱ እንደ እውነተኛው ወይን። ማህፀኗ ከቀኑ የቀደመው ለዚህ ነው። ደሙም የሚመጣው ይህ ዘለላ ከማህፀን ግድግዳ እየተላቀቀ ሲሄድ ነው።

ሙሉ ያልሆነ፣ ከፊል ሞላር የሚባልም አለ። እዚያ እንቁላሏ የራሷን 23 ይዛለች፣ ነገር ግን ሁለት የወንድ ዘር ይገባባትና 69 ይሆናል። ጽንስ የሚመስል ነገር ሊኖር ይችላል፣ ግን አያድግም። ምልክቱ ለስለስ ያለ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ተራ ውርጃ ይመስላል። ዛሬ የምንከተለው ሙሉውን ነው።

አሁን ወደዚያ መንቀጥቀጥ እንመለስ። እንግዴ ልጅ ኤችሲጂ የሚባል ሆርሞን ያመነጫል። የሽንት መመርመሪያው ሁለት መስመር የሚያወጣው እሱን አግኝቶ ነው። በጤናማ እርግዝና ከሁለት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ወደ ከፍታው ይደርስና ይቀንሳል፤ ያ ከፍታ በአብዛኛው ከመቶ ሺህ ብዙ አይርቅም። የእሷ 280,000 መጣ። ሆርሞን አምራቹ ሕብረ ሕዋስ በዝቶ በዝቶ ልክ አጣ ማለት ነው።

ማቅለሽለሹን የሚያባብሰው ይህ ሆርሞን ነው። እንቁልጢዎቿን ጎትጉቶ ያሳበጣቸውም እሱ ነው። ሌላም ይሠራል፦ ቅርጹ በከፊል የእንቅርት ዕጢን ከሚያዘው ሆርሞን ጋር አንድ ዓይነት ነው። ትንሽ ሲሆን በሩን አይከፍትም፣ እንዲህ ሲበዛ ግን ተመሳሳዩ ቁልፍ በሩን ይከፍተዋል። የእንቅርት ዕጢዋ ያለ ልክ መሥራት ጀመረ፤ ልብ ይፈጥናል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ያልባል፣ ሰው ይከሳል። አንዳንዷ ላይ ደግሞ ከ20 ሳምንት በፊት የደም ግፊት ይነሳል። አዋላጆች፣ ገና አራት ወር ሳይሞላት ግፊቷ 150 በ100 የሆነች እናት ካገኛችሁ፣ ሽንቷም ላይ ፕሮቲን ካለ፣ ይህ የተለመደው የግፊት ጊዜ አይደለምና አልትራሳውንድ ሳታዩ አትልቀቋት።

አንድ የሚያስቸግር ነገር ልጨምር፤ ሠርቶ የሚያውቅ ብቻ የሚያምነው ነው። አንዳንዴ ኤችሲጂው እጅግ ሲበዛ የሽንት መመርመሪያው «እርጉዝ አይደለሽም» ይላል። እንዴት? ወረቀቱ ላይ ሁለት ዓይነት ያዦች አሉ። አንደኛው ቀለም ተሸክሞ ከሽንቱ ጋር ይፈሳል፣ ሁለተኛው መስመሩ ላይ ተለጥፎ ይጠብቃል። አንድ የሆርሞን ቅንጣት በአንድ ጎኑ ቀለም ተሸካሚውን፣ በሌላው ጎኑ መስመሩ ላይ ያለውን ሲይዝ ነው ቀለሙ የሚታየው። ሆርሞኑ ከመጠን በላይ ከሆነ ግን ቀለም ተሸካሚዎቹ ሁሉ አንድ አንድ ቅንጣት ይይዛሉ፣ መስመሩ ላይ ያሉትም እንዲሁ አንድ አንድ ይይዛሉ፤ ሁለቱን የሚያገናኝ ይጠፋል። መስመሩ ይደበዝዛል ወይም ጭራሽ አይወጣም። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ሽንቱን በውኃ በደንብ አቅጥኖ እንደገና ማየት። ቀጥኖ ፖዘቲቭ ከሆነ ችግሩ የሆርሞን ማነስ ሳይሆን መብዛት ነበር። ወር አበባዋ የቀረ፣ ሆዷ የገፋ፣ ደም የሚፈሳት ሴት መጥታ መመርመሪያው ኔጌቲቭ ቢል፣ ወረቀቱን አምናችሁ ከመሸኘታችሁ በፊት አንዴ አቅጥኑት።

ሕክምናውን በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ይቻላል፦ ማህፀኑን በመምጠጫ ማጽዳት። ግን ቸኩሎ መግባት ሰው ይገድላል። የሷን የቀይ ደም መጠን ስናይ ዝቅ ብሎ 8.2 ነው፤ ይህን የመሰለ ትልቅ ማህፀን ሲጸዳ ደግሞ ብዙ ደም ሊፈስ ይችላል። ስለዚህ ሁለት ከረጢት ደም ተመሳክሮ እስኪዘጋጅ ጠበቅን። የእንቅርት ዕጢዋ እንዲያ እየሮጠ ሳለ ማደንዘዣ ብንሰጣት ልቧ ሥራውን ሊያቅተው ይችል ነበር፤ ፕሮፕራኖሎል ጀምረን ምቷ እስኪረጋ ጠበቅን። የደረት ራጅ አነሳናት፣ ይህ ሕብረ ሕዋስ አንዳንዴ በደም ሥር ወደ ሳንባ ስለሚሄድ። የደም ዓይነቷ ኦ ኔጌቲቭ ነበርና ከጽዳቱ በኋላ የሾተላይ መርፌ እንድትወስድ አዘዝን። ሙሉ ሞላር ከሆነ ያ መርፌ ላያስፈልግ ይችላል፤ ግን የሕብረ ሕዋሱ ምርመራ እስኪመጣ ድረስ ሙሉ ይሁን ከፊል እርግጠኛ መሆን አይቻልም፣ መርፌው ደግሞ በ72 ሰዓት ውስጥ መሰጠት አለበት።

ጽዳቱ የተሠራው በአልትራሳውንድ እየታየ፣ በወፍራም የመምጠጫ ቱቦ ነው። ማህፀኑ እየጠበበ ደሙን እንዲያስር ኦክሲቶሲን የተጀመረው አፉ ተከፍቶ መምጠጥ ከተጀመረ በኋላ ነው። ይህ ቅደም ተከተል ትርጉም አለው። አፉ ሳይከፈት ማህፀኑ እንዲኮማተር ብናደርግ፣ የተሞላውን ዘለላ መውጫ ስለሚያጣ ወደ ደም ሥሮች ይገፋዋል። ከመድኃኒት ቤት ኪኒን ገዝቶ ቤት ውስጥ ለማስወረድ መሞከር በዚህ በሽታ ላይ በተለይ አደገኛ የሆነውም ለዚህ ነው። ያበጡትን እንቁልጢዎች ግን አልነካናቸውም። ወጣት ሐኪሞች ሰባት ሴንቲ ሜትር ሲያዩ እጃቸውን ይበላቸዋል፤ ሆርሞኑ ሲወርድ በጥቂት ወራት ራሳቸው ይሟሽሻሉ። ቢላ የሚያስፈልገው ተጠማዘው ድንገተኛ ከባድ ሕመም ካመጡ ነው።

የወጣው ሁሉ ፎርማሊን ውስጥ ገብቶ ወደ ፓቶሎጂ ሄደ። አንድ ነገር አጥብቄ የምለምናችሁ ይህንን ነው። ቀድሞ ጽንሱ በወረደባት ሴት ላይ ማህፀን ተጠርጎ፣ የወጣው ቆሻሻ ባልዲ ውስጥ ተጥሎ፣ ከአራት ወር በኋላ ደም እየተፋች የመጣች አይቻለሁ። የት እንደሆነ አልናገርም፤ ብዙ ቦታ የሚሆን ነገር ነው። በ7 ወይም በ8 ሳምንት የሚታይ ሞላር የእንጀራ ዓይን ገና አልሠራም፤ በአልትራሳውንድ ተራ የሞተ እርግዝና ይመስላል። የሚለየው ማይክሮስኮፑ ነው። ቤት ውስጥ የወይን ፍሬ የመሰለ ነገር ከደም ጋር ከወረደም አትጣሉት፤ በንጹሕ ክዳን ባለው ዕቃ ይዛችሁ ኑ።

ከሦስት ቀን በኋላ ወደ ቤቷ ሄደች። ማቅለሽለሹ በማግስቱ ቆመ፤ ባሏ ሻይ በዳቦ ስትበላ ሲያያት ዓይኑ እንባ አቀረረ። እዚህ ላይ ነው ችግሩ የሚጀምረው። ደሙ ቆሟል፣ ሆዷ ጠፍቷል፣ ትበላለች። ማን ነው ጤነኛ ሆኖ ሳለ በየሳምንቱ ደም ለመመርመር የሚመላለስ? ቤተ ሙከራው ሩቅ ነው፣ ምርመራው ገንዘብ ያስወጣል። ለዚህ ነው ከመውጣቷ በፊት ሁለቱንም አስቀምጬ ግማሽ ሰዓት የወሰድኩት።

ያልኳቸው ይህንን ነው። ማህፀንሽን አጽድተናል፣ ግን ዓይን የማያየው ትንሽ ቅሪት ሁልጊዜ ይኖራል። ብዙ ጊዜ ሰውነት ራሱ ይጨርሰዋል። ከሙሉ ሞላር በኋላ ግን ከመቶ ሴቶች ከ15 እስከ 20 በሚሆኑት ላይ ቅሪቱ እንደገና ማደግ ይጀምራል፤ ከከፊሉ በኋላ ይህ በጣም ጥቂት ነው። ማደጉን ራጅም አልትራሳውንድም ቀድሞ አይነግረንም። የሚነግረን ያው ያመመሽ ሆርሞን ነው። እሱን የሚያመነጨው ያ ሕብረ ሕዋስ ብቻ ስለሆነ፣ ቁጥሩ ከወረደ ቅሪቱ እየጠፋ ነው፣ ቁጥሩ ከቆመ ወይም ከወጣ ቅሪቱ ሕይወት አለው።

ደብተር ሰጠኋት፤ በየሳምንቱ ቁጥሩን እየጻፈች እንድታመጣ። ከጽዳቱ አንድ ሳምንት በኋላ 9,400። ከዚያ 2,100። ከዚያ 640፣ 210፣ 74፣ 26፣ 11። በስምንተኛው ሳምንት 3 መጣ። ከ5 በታች እንደ ኔጌቲቭ ይቆጠራል። መውረዱን ተመልከቱ፤ መጀመሪያ በትልቅ ደረጃ፣ ኋላ በትንንሽ ደረጃ፣ ግን አንድም ቀን አልቆመም። ሦስት ሳምንት በተከታታይ ኔጌቲቭ ካየን በኋላ በወር አንዴ፣ ለስድስት ወር ቀጠልን። አሁን አሁን ይህን ጊዜ የሚያሳጥሩ መመሪያዎች አሉ፤ ሐኪማችሁ ሦስት ወር ቢላችሁ አትደንግጡ። አንድ ነገር ግን አትቀይሩ፦ በተቻለ መጠን ያው ቤተ ሙከራ ይሁን። መሣሪያ ከመሣሪያ ይለያያል፤ እዚህ 26 ያለው እዚያ 34 ቢል ወጣ ወይስ መሣሪያው ነው ብላችሁ ሌሊት ትጨነቃላችሁ።

በዚህ ጊዜ ውስጥ ማርገዝ የለባትም። ብዙዎች ምክንያቱ ማህፀን እንዲያርፍ ይመስላቸዋል። አይደለም። አዲስ እርግዝና ይህንኑ ሆርሞን ያመነጫል፤ ቁጥሩ ሲወጣ ጽንስ ይሁን በሽታ ማወቅ አንችልም። ብቸኛ መለኪያችን ይታወራል። ኪኒንም ሆነ የሦስት ወር መርፌ ከጽዳቱ በኋላ መጀመር ትችላለች። ሉፕ ግን ቁጥሩ ኔጌቲቭ እስኪሆን ይቆይ፤ የላላ ማህፀን ሊበሳ ይችላል።

ያቋረጠችም አለች፤ እሷንም ልንገራችሁ። የ34 ዓመት ሴት፣ ሦስት ልጆች። ሁለት ጊዜ ተለክታ ቁጥሩ ሲወርድ አይታ «ዳንኩ» ብላ ቀረች። ከአራት ወር በኋላ የማያቋርጥ ደምና ደረቅ ሳል ይዛ መጣች። ለሳሉ ሌላ ቦታ ሁለት ጊዜ አንቲባዮቲክ ተሰጥቷታል። ቁጥሯ 1,850 ነው። በሳምንቱ 1,790፣ በቀጣዩ 1,900፣ ከዚያ 1,840። አራት ልኬት፣ ሦስት ሳምንት፣ በአንድ ቦታ መርገጥ፤ ይህ ብቻ ለምርመራው በቂ ነው። ሦስት ልኬት በተከታታይ ቢወጣም እንዲሁ። ቁራጭ ሥጋ ወስዶ ማረጋገጥ አይጠበቅብንም፣ እንዲያውም ደም የሚበዛበት ዕጢ ስለሆነ አንነካውም። ሳንባዋ ላይ ሁለት ትንንሽ ነጥቦች ታዩ።

ይህ ካንሰር ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ከዚያ ቤተሰብ ነው፣ አልዋሸኋትም። ግን ከሌሎቹ አንድ ነገር ይለየዋል። እ.ኤ.አ. በ1956 ሚን ቺው ሊ እና ሮይ ኸርትዝ የተባሉ ሐኪሞች አሜሪካ በሚገኘው የብሔራዊ ጤና ተቋም ሜቶትሬክሴት በተባለ መድኃኒት ከዚሁ ቤተሰብ የሆነውን ኮሪዮካርሲኖማ የተሠራጨባቸውን ሴቶች አከሙ፤ ጠጣር ዕጢ በመድኃኒት ብቻ ሲድን የታየበት የመጀመሪያው ጊዜ እሱ ነው። የበሽታዋ የአደጋ ደረጃ በነጥብ ተሰልቶ ዝቅተኛ አደጋ ውስጥ ገባች፤ ከ0 እስከ 6 ዝቅተኛ፣ 7 እና ከዚያ በላይ ከፍተኛ ነው። ዝቅተኛዎቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም ይድናሉ። ያንኑ ሜቶትሬክሴት በመርፌ አንድ ቀን እየዘለለች አራት ጊዜ፣ በመሃሉ ባሉት ቀናት ፎሊኒክ አሲድ እየዋጠች፣ በየሁለት ሳምንቱ። ፎሊኒክ አሲዱ የአፍ ቁስልን ለመከላከል ነው። ቁጥሩ ከ5 በታች ሲሆን አላቆምንም፤ ሦስት ዙር ጨመርን፣ ምክንያቱም ኔጌቲቭ የሚለው መሣሪያው እንጂ የመጨረሻዋ ሕዋስ አይደለችም። ጸጉሯ አልረገፈም። ማህፀኗም አለ።

ከንግግሩ በኋላ ሁለት ጥያቄ ተነሥቶ ነበር፤ መልሱን እዚህ ላስገባው።

አንዲት እናት ከኋላ ተነሥታ «እንደ መንታ ሆኖ አንዱ ልጅ፣ አንዱ ሞላር ሊሆን ይችላል?» አሉኝ። ይችላል እማማ፣ በጣም አልፎ አልፎ። አጠገቡ ያለው ልጅ ጤነኛ የሆነበትና በሕይወት የተወለደበት አለ፤ ግን ደም መፍሰሱና ግፊቱ እናቲቱን ስለሚፈትን፣ ለመቀጠል ከተፈለገ ትልቅ ሆስፒታል ተኝቶ መከታተልን ይጠይቃል።

ሌላዋ ወጣት ነች፤ ድምፅዋ ከአፏ አልወጣ ብሎ በጽሑፍ ላከችልኝ። ደርሶባታል፣ ፈተናዋን ጨርሳለች፣ ቁጥሯ ኔጌቲቭ ነው፤ «ቀጣዩስ?» ነው ጥያቄዋ። የመድገም ዕድሉ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ነው። ሁለት ጊዜ ከደገመ ግን ከፍ ይላል፣ በቤተሰብ የሚወረስ መንሥኤም ይፈለጋል። መድኃኒት ላልወሰደች ሴት ክትትሉ እንዳለቀ ማርገዝ ትችላለች፤ ሜቶትሬክሴት የወሰደች አንድ ዓመት ትቆይ። ስታረግዢ እንደ ሌላው ሰው ሦስት ወር አትጠብቂ፤ በ7 ወይም በ8 ሳምንት አልትራሳውንድ ተነሺ። ያቺ የ27 ዓመቷ ሴት እንዲሁ አድርጋ ነበር፤ ባሏ ዳግመኛ ስክሪኑን አሻግሮ ሲያይ በእንሽርት ውኃው ጥቁር ከረጢት ውስጥ የምትርገበገብ ነጥብ አሳየሁት። ከወለደች ከስድስት ሳምንት በኋላ አንዴ ኤችሲጂዋን ለካን፤ ልጁን ታቅፋ ነበር የመጣችው፣ ቁጥሩን የጻፈችውም በዚያው ደብተር መጨረሻ ገጽ ላይ ነው።